አራት ሻጮች፣ ሦስት ገንዘብ፣ ሁለት ሚዛን፦ የጤፍ ዱቄት ዋጋን በኤክሴል የማወዳደር አሠራር

አራት ቤተሰቦች ሆነን ፍራንክፈርት ውስጥ የጤፍ ዱቄት በጋራ እንገዛለን። ለአንድ ዙር የሚያስፈልገን 40 ኪሎ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቤት 10 ኪሎ ይደርሳል። ዋጋ ስናጠያይቅ የሚመጣልን መልስ ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። የኔዘርላንዱ ሻጭ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት በዩሮ ይሸጣል፤ የእንግሊዙ 10 ኪሎውን በስተርሊንግ ይተምናል፤ የአሜሪካው ዋጋውን በዶላር፣ ሚዛኑን ደግሞ በፓውንድ ይነግረናል፤ የሠፈራችን ሱቅ ባለ 5 ኪሎ ከረጢት ያቀርባል፣ ማድረሻ አይጠይቅም፤ ሄዶ ማምጣት ግን የእኛ ፈንታ ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ሰንጠረዥ እነዚህን አራት መልሶች ወደ አንድ ቁጥር የሚያመጣ ሲሆን፣ ያም ቁጥር ለሚያስፈልገን ለእያንዳንዱ ኪሎ፣ ዱቄቱ ቤታችን እስኪገባ ድረስ ከኪሳችን የሚወጣው ዩሮ ነው።

በምሳሌው ያሉት ዋጋዎችና የምንዛሪ ተመኖች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ስለሆኑ፣ አንባቢው በየዕለቱ ባገኛቸው ቁጥሮች ሊተካቸው ይገባል። አሠራሩ በኤክሴል፣ በጎግል ሺትስና በሊብረኦፊስ ካልክ ላይ ይሠራል፤ በካልክ ግን ቀመር ውስጥ ከገጹ ስም በኋላ ያለው `!` በነጥብ ይተካል።

ወደ ሰንጠረዡ ከመግባት በፊት

ሰንጠረዡ ዋጋን እንጂ ጥራትን አያወዳድርም። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ዓይነት ዕቃ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ነጭ ጤፍ ከሰርገኛ ጋር፣ ወይም ንጹሕ ጤፍ ከሩዝና ከገብስ ጋር ከተቀላቀለ የእንጀራ ዱቄት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ቢገቡ፣ ርካሹ ሁልጊዜ ቅይጡ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም ትክክለኛ ስሌት ሆኖ ሳለ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝርና መጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ጠይቀው፣ ተመሳሳይ የሆኑትን ብቻ ያስገቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋው ታክስን ይጨምራል ወይ የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሸማች የሚነገር ዋጋ ቫትን ያካተተ መሆን አለበት፤ ጅምላ ሻጮች ግን ብዙ ጊዜ ከቫት ውጭ ያለውን ዋጋ ይናገራሉ። ይህን ሳይጠይቁ የተመዘገበ ዋጋ በጀርመን ለዱቄት 7 በመቶ ያህል ርካሽ መስሎ ይታያል፤ እኛ በምናወዳድራቸው ሻጮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ አንዳንዴ ከዚያ ያነሰ ነው።

የምንዛሪው ገጽ

አዲስ ፋይል ከፍተው ሦስት ገጾችን ያዘጋጁና `rates`፣ `units` እና `offers` ብለው ይሰይሟቸው። የገጾቹን ስም በላቲን ፊደል የምጽፈው ቀመር ውስጥ በተደጋጋሚ ስለሚገቡና ለመተየብ ስለሚቀሉ ብቻ ነው።

በ`rates` ገጽ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ የርዕስ ረድፍ ይሁን። ከዚያ በታች A ዓምድ ላይ የገንዘቡን ምልክት ማለትም EUR፣ USD እና GBP፣ B ላይ አንድ ዩሮ በዚያ ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ C ላይ ባንክዎ ወይም ካርድዎ በውጭ ገንዘብ ሲከፈል የሚጨምረውን መቶኛ ይጻፉ። ለዩሮ B ላይ 1፣ C ላይ 0 ይሆናል። በእኛ ምሳሌ አንድ ዩሮ 1.16 ዶላርና 0.87 ስተርሊንግ ሲሆን፣ የካርዱ ጭማሪ 2 በመቶ፣ ማለትም 0.02 ነው። D ዓምድ ላይ የሚከተለው ቀመር ይገባና ወደ ታች ይቀዳል፦

```
=(1/B2)*(1+C2)
```

ይህ ቀመር አንድ ዶላር ወይም አንድ ስተርሊንግ ለመክፈል በእርግጥ ከሒሳባችን የሚወጣውን ዩሮ ይሰጣል። በምሳሌው ለዶላር 0.8793፣ ለስተርሊንግ 1.1724 ይወጣል።

በዚህ ሥራ ላይ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ አደገኛው ተመኑን በተገላቢጦሽ መያዝ ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚያወጣው ተመን «አንድ ዩሮ ስንት ዶላር ነው» የሚለውን ይናገራል፤ የባንክ መተግበሪያዎች ደግሞ አንዳንዴ «አንድ ዶላር ስንት ዩሮ ነው» የሚለውን ያሳያሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ለአንድ የሚቀርቡ ስለሆኑ ሲገላበጡ ዓይን አይዛቸውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ስተርሊንግ ከዩሮ የበለጠ ዋጋ እስካለው ድረስ የGBP ረድፍ D ላይ ከ1 በላይ፣ ዶላር ከዩሮ ያነሰ እስከሆነ ድረስ የUSD ረድፍ ከ1 በታች መሆን አለበት። ይህን በቃል ይዞ ሰንጠረዡ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃል።

ጎግል ሺትስ ተመኑን በራሱ የሚያመጣ `=GOOGLEFINANCE("CURRENCY:EURUSD")` የሚባል ቀመር አለው። እኔ ግን ተመኑን በእጅ መጻፍና አጠገቡ ቀኑን ማስቀመጥ እመርጣለሁ። ቀመሩ የሚያመጣው ቁጥር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ትናንት ለጎረቤቶቼ የነገርኳቸው ዋጋ ዛሬ ፋይሉን ስከፍት ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ አራት ቤተሰብ ገንዘብ ሲያዋጣ ደግሞ ሁሉም የሚያየው ቁጥር አንድ መሆን አለበት።

በዚሁ ገጽ F1 ላይ «የሚያስፈልገው ኪሎ» ብለው፣ G1 ላይ 40 ብለው ይጻፉ። ይህች አንዲት ሴል የሰንጠረዡ እምብርት ናት፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

የሚዛኑ ገጽ

የ`units` ገጽ አጭር ነው። A ዓምድ ላይ መለኪያው፣ B ላይ በኪሎ ስንት እንደሆነ ይጻፋል፦ kg 1፣ g 0.001፣ lb 0.45359237። በሌላ ጊዜ ቡና ወይም እህል የሚያወዳድር ሰው ፈረሱላን 17፣ ኩንታልን 100 ብሎ መጨመር ይችላል።

በአማርኛ ፓውንድ የሚለው ቃል ለገንዘቡም ለሚዛኑም ስለሚያገለግል፣ በቤተሰብ መካከል በስልክ ሲነገር ግራ ያጋባል። ሰንጠረዡ ውስጥ ገንዘቡ GBP፣ ሚዛኑ lb ተብሎ ስለሚጻፍ ችግር የለም፤ በንግግር ግን ገንዘቡን ስተርሊንግ ማለት ይሻላል።

መመዝገብ ያለበት የዱቄቱ የተጣራ ሚዛን እንጂ ከነካርቶኑ ያለው አይደለም። አጓጓዡ ግን የሚያስከፍለው ከነማሸጊያው ባለው ሚዛን ነው። ለምሳሌ በጀርመን የዲኤችኤል ተራ የዕቃ ጥቅል ጣሪያው 31.5 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ሁለት ሆኖ በአንድ ጥቅል ሊመጣ አይችልም። ይህ ከረጢት በጥቅል የሚለው ቁጥር በሚቀጥለው ገጽ የራሱ ዓምድ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሻጮቹ ገጽ

በ`offers` ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ ረድፍ ይሰጣል። ከA እስከ L ያሉት ዓምዶች በእጅ የሚሞሉ ናቸው፦ A የሻጩ ስም፣ B ዋጋው የተነገረበት ቀን፣ C የገንዘቡ ምልክት፣ D የአንድ ከረጢት ዋጋ፣ E የከረጢቱ ሚዛን፣ F መለኪያው፣ G ለአንድ ጥቅል የሚከፈል ማድረሻ፣ H በአንድ ጥቅል የሚገባው የከረጢት ብዛት፣ I ትዕዛዙ ትልቅም ይሁን ትንሽ አንድ ጊዜ የሚከፈል ክፍያ፣ J ማድረሻ ነፃ የሚሆንበት የግዢ መጠን፣ K ከኅብረቱ ውጭ ሲመጣ የሚከፈል የማስገቢያ ቫት፣ L እዚህ ስንረከብ ለእያንዳንዱ ጥቅል በዩሮ የምንከፍለው። ከD፣ ከG፣ ከI እና ከJ ያሉት ቁጥሮች በሻጩ ገንዘብ ይጻፋሉ፤ በዩሮ የሚጻፈው L ብቻ ነው።

የእኛ አራት ሻጮች እንዲህ ተመዝግበዋል። I ዓምድ ለሁሉም ባዶ ነው።

| ሻጭ | C | D | E | F | G | H | J | K | L |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| የሠፈር ሱቅ | EUR | 17.50 | 5 | kg | 6 | 8 | | 0 | 0 |
| ኔዘርላንድ | EUR | 62 | 25 | kg | 16.50 | 1 | 150 | 0 | 0 |
| እንግሊዝ | GBP | 21 | 10 | kg | 14 | 2 | | 0.07 | 6 |
| አሜሪካ | USD | 34 | 25 | lb | 95 | 1 | | 0.07 | 6 |

በሱቁ ረድፍ G ላይ ያለው 6 ዩሮ የእኛ የመኪና ወጪ ነው፤ በአንድ ጉዞ 8 ከረጢት ስለምንጭን ጉዞውን እንደ አንድ ጥቅል ቆጥረነዋል። ሄዶ የሚያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ «ነዳጅ ምን ያህል ነው» ብሎ ሳያስቆጥር ይተወዋል፤ ነገር ግን ሌላውን ሻጭ ማድረሻውን ጨምረን እያሰላን ሱቁን ያለ ማድረሻ ብንተወው ውድድሩ እኩል አይሆንም።

በእንግሊዙና በአሜሪካው ረድፍ L ላይ ያለው 6 ዩሮ፣ አጓጓዡ የማስገቢያውን ቫት አስቀድሞ ከፍሎልን በር ላይ ሲቀበለን ለድካሙ የሚጨምረው ነው። ቫቱ ራሱ የሚሰላው በዱቄቱ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማድረሻውም ተጨምሮበት ነው። ጉምሩክን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ኅብረት የዕቃው ዋጋ ከ150 ዩሮ በታች ለሆነ ጭነት ቀረጥ ሳይጠየቅ ቆይቷል፤ ይህ ደንብ በመለወጥ ላይ ስላለ፣ ከማዘዝ በፊት በዕለቱ የሚሠራውን ከጉምሩክ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ማረጋገጥና የሚመጣውን ተጨማሪ ክፍያ L ላይ መደመር ያስፈልጋል።

ከM እስከ S ያሉት ዓምዶች ቀመር ናቸው። በመጀመሪያ የከረጢቱ ሚዛን ወደ ኪሎ ይቀየራል፣ ቀጥሎ 40 ኪሎ ለማግኘት ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግና ያ ስንት ጥቅል እንደሚሆን ይሰላል፦

```
M2: =E2*VLOOKUP(F2,units!A:B,2,FALSE)
N2: =ROUNDUP(rates!$G$1/M2,0)
O2: =ROUNDUP(N2/H2,0)
```

`ROUNDUP` ወደ ላይ ያጠጋጋል፤ 1.6 ከረጢት የሚሸጥልን ስለሌለ 2 ይሆናል። አብዛኛው ሰው የኪሎውን ዋጋ በ40 አባዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ለሻጩ የሚከፈለው በዩሮ፣ ጠቅላላ ወጪው፣ በመጨረሻም ሁለቱ የኪሎ ዋጋዎች ይከተላሉ፦

```
P2: =(N2*D2+IF(AND(J2>0,N2*D2>=J2),0,O2*G2)+I2)
     *VLOOKUP(C2,rates!A:D,4,FALSE)
Q2: =P2*(1+K2)+O2*L2
R2: =Q2/(N2*M2)
S2: =Q2/rates!$G$1
```

በP2 መካከል ያለው `IF` ግዢው J ላይ ከተጻፈው መጠን ሲደርስ ማድረሻውን ዜሮ ያደርገዋል፤ J ባዶ ከሆነ ማድረሻው እንደተለመደው ይከፈላል። የ`$` ምልክቶቹን አይተዉ፤ ያለ እነርሱ ቀመሩ ወደ ታች ሲቀዳ G1 ወደ G2 ይንሸራተትና ሰንጠረዡ በባዶ ሴል ያካፍላል።

R እና S የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉ። R «ከገዛነው ዱቄት አንዱ ኪሎ ስንት ወጣበት» የሚለውን፣ S ደግሞ «ከምንፈልገው ዱቄት አንዱ ኪሎ ስንት ወጣበት» የሚለውን ይናገራል። የተረፈውን ዱቄት የሚወስደውና የሚጠቀምበት ሰው ካለ R ትክክለኛው ነው፤ ትርፉ ጊዜው አልፎበት የሚጣል ከሆነ ግን S ነው። በእኔ አስተያየት የቤት ገዢ መጀመሪያ S ን ሊያይ ይገባል፤ ምክንያቱም የተረፈ ዱቄት ሲገዛ «እንጠቀምበታለን» ያላለ ሰው የለም።

ውጤቱን ማንበብ

ሻጮቹ እንደነገሩን ብንወስድ የአሜሪካው በአንድ ፓውንድ 1.36 ዶላር፣ የእንግሊዙ በኪሎ 2.10 ስተርሊንግ፣ የኔዘርላንዱ 2.48 ዩሮ፣ የሱቁ 3.50 ዩሮ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ሱቁ ከሁሉም ውድ ነው። ሰንጠረዡ ግን G1 ላይ 40 ተጽፎ S ዓምድ ላይ ሱቁን 3.65፣ እንግሊዙን 3.81፣ ኔዘርላንዱን 3.93፣ አሜሪካውን 12.74 ያወጣል።

አሜሪካው ማድረሻው ከዱቄቱ ስለሚበልጥ ወዲያው ይወጣል፤ ዱቄቱን ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካልተገኘ በስተቀር ለዚህ ዓይነት ከባድና ርካሽ ዕቃ ውቅያኖስ መሻገር አያዋጣም።

የእንግሊዙን ረድፍ ቀረብ ብለን እንየው። 40 ኪሎ ማለት 4 ከረጢት በ84 ስተርሊንግ ነው። በአንድ ጥቅል ሁለት ከረጢት ስለሚገባ ጥቅሉ 2፣ ማድረሻው 28 ይሆናል፤ ድምሩ 112 ስተርሊንግ ነው። ይህ በ1.1724 ሲባዛ 131.31 ዩሮ፣ 7 በመቶ ሲጨመርበት 140.50፣ ለሁለቱ ጥቅል 12 ዩሮ ሲጨመር 152.50 ዩሮ ይሆናል። ለ40 ሲካፈል 3.81 ነው። በስልክ ላይ «2.10» ተብሎ የተጀመረው ዋጋ እዚህ የደረሰው በአንድ ትልቅ ወጪ ሳይሆን በአራት ትንንሽ እርከኖች ስለሆነ፣ በአእምሮ ሲሰላ ቢያንስ አንዱ ይዘለላል።

የኔዘርላንዱ ረድፍ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። S ላይ ከሱቁ የሚብስ ሆኖ ሳለ፣ R ላይ 3.14 ብሎ ከሁሉም ይረክሳል። ልዩነቱ የመጣው 40 ኪሎ ፈልገን 50 ኪሎ ለመግዛት ስለምንገደድ ነው። አሁን G1 ላይ ያለውን 40 አጥፍተው 50 ይጻፉ። ኔዘርላንዱ በሁለቱም ዓምዶች 3.14 ሲሆን፣ ሱቁ ሁለተኛ ጉዞ ስለሚጠይቅ 3.74፣ እንግሊዙ ሦስተኛ ጥቅል ስለሚጨመርበት 4.05 ይሆናል። ይህ ማለት አምስተኛ ቤተሰብ ቢጨመር የምንገዛበት ሻጭ ይለወጣል ማለት ነው። 75 ብለው ሲጽፉ ደግሞ ሦስቱ ከረጢቶች 186 ዩሮ ስለሚሆኑ የነፃ ማድረሻውን 150 ዩሮ ያልፋሉ፤ ኪሎውም 2.48 ብቻ ይሆናል። ከ50 ወደ 75 ለመሄድ የሚጨመረው 29 ዩሮ ሲሆን፣ በእርሱ የሚገኘው 25 ኪሎ ዱቄት ነው።

G1 ን የሰንጠረዡ እምብርት ያልኩት ለዚህ ነው። «የትኛው ሻጭ ይረክሳል» ለሚለው ጥያቄ መጠኑ ሳይነገር መልስ አይገኝለትም፤ በ10 ኪሎ ሱቁ 4.10 ሲሆን ኔዘርላንዱ 7.85 ነው፤ በ75 ኪሎ ግን ሱቁ 3.66፣ ኔዘርላንዱ 2.48 ይሆናሉ። ስለዚህ ቢያንስ በአራት መጠን፣ ለምሳሌ በ10፣ በ40፣ በ50 እና በ75 ሞክረው S ዓምድን በሌላ ቦታ እንደ ተራ ቁጥር ቀድተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ75 ኪሎ ላይ ግን የእንግሊዙን ረድፍ አይመኑት፤ የዕቃው ዋጋ 168 ስተርሊንግ ማለትም ወደ 193 ዩሮ ስለሚደርስ፣ ከላይ የተነሣውን የ150 ዩሮ ጣሪያ አልፎ ሰንጠረዡ ያልቆጠረው ቀረጥ ሊመጣበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያሳስበው የምንዛሪው መዋዠቅ ነው፤ ያንንም ሰንጠረዡ ላይ መለካት ይቻላል። በ40 ኪሎ እንግሊዙ ከሱቁ ጋር እኩል እንዲሆን ስተርሊንግ ከ1.1724 ወደ 1.118 ዩሮ ገደማ፣ ማለትም ወደ 5 በመቶ ያህል መውረድ አለበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል መውረዱ እምብዛም ስለማይታይ፣ ተመኑ እስኪረክስ ብሎ ትዕዛዙን ከማዘግየት የአምስተኛውን ቤተሰብ በር ማንኳኳት ይሻላል።

ስሕተት ሲገባ የሚታወቅበት

በመጀመሪያ ያዘጋጀሁት ሰንጠረዥ በጀርመንኛ ኤክሴል ላይ ነበር። በኪሎ 2.5 ብዬ ያስገባሁት ዋጋ ሴሉ ውስጥ «02. Mai» ሆኖ ተቀየረብኝ፤ ፕሮግራሙ ነጥቡን እንደ ቀን መለያ አንብቦት ነበር። በጀርመን አጻጻፍ ክፍልፋይ የሚለየው በነጠላ ኮማ ስለሆነ 2,5 ተብሎ መግባት አለበት፤ 1.250 የሚለው ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ተብሎ ይነበባል። በዚያው ምክንያት ቀመር ውስጥ ያሉት ኮማዎች በሰሚኮሎን ይተካሉ፤ በጀርመንኛው ኤክሴል ደግሞ `VLOOKUP` የሚለው `SVERWEIS`፣ `ROUNDUP` የሚለው `AUFRUNDEN`፣ `IF` እና `AND` የሚሉት `WENN` እና `UND`፣ `FALSE` የሚለው `FALSCH` ተብለው ይጻፋሉ።

ከሻጭ ገጽ ላይ ተቀድቶ የሚለጠፍ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ምልክቱ ጋር ስለሚመጣ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ይሆናል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ቁጥር በሴሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ጽሑፍ በግራ ጠርዝ ይቆማል። D፣ E እና G ዓምዶችን ወደ ታች በዓይን መቃኘት ይበቃል፤ ወደ ግራ የተጠጋው በእጅ እንደገና ይጻፍ።

`#N/A` የሚል ከመጣ የገንዘቡ ወይም የሚዛኑ ምልክት ዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው፤ በአብዛኛው ከGBP በኋላ የማይታይ ባዶ ቦታ ገብቶ ነው። ከዚህ የሚከፋው ቀመሩ ስሕተት ሳያሳይ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው በ`VLOOKUP` መጨረሻ ላይ `FALSE` የሚለው ሲቀር ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ሳይሆን ተቀራራቢውን ስለሚፈልግ፣ የስተርሊንጉን ዋጋ በዩሮው ተመን ሊያሰላው ይችላል። ይህን ለመያዝ ከሻጮቹ በታች የመፈተኛ ረድፍ ይጨምሩ፦ ገንዘቡ GBP፣ ዋጋው 10፣ ሚዛኑ 1፣ መለኪያው kg፣ H ላይ 1፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። R ላይ የሚወጣው ከ`rates` D ዓምድ 10 እጥፍ፣ ማለትም 11.72 መሆን አለበት። ሌላ ቁጥር ከወጣ ሰንጠረዡ እስኪስተካከል ድረስ ምንም አይዘዝበት።

አንዳንድ ሻጮች በክፍያ ገጻቸው ላይ «በዩሮ ልክፈል ወይስ በስተርሊንግ» ብለው ያስመርጣሉ። በዩሮ ያሳዩትን ድምር በሻጩ ረድፍ P ላይ ከወጣው ጋር ያነጻጽሩ። የእነርሱ ከP ከበለጠ በስተርሊንግ ይክፈሉ፤ ከእኛው ካርድ የሚበልጥ ጭማሪ ተመኑ ውስጥ አስገብተዋል ማለት ነው።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ

T ዓምድ ላይ ለሻጩ ሲከፈል በእርግጥ ከሒሳብ የወጣውን ዩሮ፣ U ላይ በቤት ሚዛን የተመዘነውን የአንዱን ከረጢት የተጣራ ኪሎ ይመዝግቡ። T ን ለሻጩ በተከፈለው የውጭ ገንዘብ ያካፍሉትና ከ`rates` D ዓምድ ጋር ያስተያዩት። ለምሳሌ 112 ስተርሊንግ ከፍለን ባንኩ 134.40 ዩሮ ቢቆርጥ፣ አንዱ ስተርሊንግ 1.20 ዩሮ ወጥቶበታል፤ ይህ በዕለቱ ተመን 0.87 ሲባዛ 1.044 ስለሚሆን፣ እውነተኛው የካርዱ ጭማሪ እኛ የገመትነው 2 በመቶ ሳይሆን 4.4 በመቶ ነበር። ለሚቀጥለው ዙር C ዓምድ ላይ 0.02 የነበረው በ0.044 ይተካል። U ከከረጢቱ ጽሑፍ ካነሰም E ዓምድ ላይ የሚገባው የተመዘነው ቁጥር ነው።